«አይነበብም» ያልኩትን መልሳችሁ አትላኩብኝ

የተተረጎመ የሕክምና ወረቀት ለምትቀበሉ መሥሪያ ቤቶች፣ ለሙያ አጋሮቼ፣ እንዲሁም የመድኃኒት ማዘዣ ፎቶ አንስታችሁ ለምትልኩልን ሁሉ

ጤና ይስጥልኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ትርጉም ቤት የምሠራ ተርጓሚ ነኝ። የልደት ወረቀት፣ ውክልና፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ የትምህርት ውጤት፣ ያልገባበት የለም። እነዚህን አሁን ዓይኔን ጨፍኜም እሠራቸዋለሁ። አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ያስፈራኛል። በስልክ ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም የሚመጣ፣ በእጅ የተጻፈ የሐኪም ማዘዣ።

የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ማዘዣ ነው። እንዲያውም ስለ አንድ መስመር።

ደንበኛዬ እዚሁ ከተማ ተቀጥራ የምትሠራ ወጣት ናት። መሥሪያ ቤቷ የወላጅ ሕክምና ወጪ በከፊል ይሸፍናል። ለዚያ ደግሞ የማዘዣው የአማርኛ ትርጉም ማኅተም ተመትቶበት ፋይል ውስጥ መግባት አለበት ይላል። እናቷ የሚኖሩት ክፍለ ሀገር ነው። የ54 ዓመት ሴት ናቸው። ጤና ጣቢያ ታይተው ወረቀት ተጻፈላቸው። ወንድሟ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ፎቶ አነሣና ላከላት። እሷም ወደ እኔ አስተላለፈችው። ዋናው ወረቀት ግን እንደ ወጉ መድኃኒት ቤቱ ቀርቷል።

ፎቶውን ሳሰፋው እንዲህ ነበር። ወረቀቱ ኪስ ውስጥ ገብቶ ስለነበር አራት ቦታ ታጥፏል። አንደኛው እጥፋት በሁለተኛው መድኃኒት ስም ላይ አልፏል። የበሽታው ስም የሚጻፍበት ሳጥን ላይ የልጁ አውራ ጣት ተቀምጧል። በቀኝ በኩል ያለው ጠርዝ ከፎቶው ውጭ ነው፤ ለስንት ቀን እንደሚወሰድ የሚጻፈው ደግሞ እዚያ ነው።

የመጀመሪያው መስመር ችግር የለውም። አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንድ ጊዜ። የደም ግፊት መድኃኒት ነው፤ ፊደሉም ጥርት ብሎ ይነበባል። ሁለተኛው ላይ ግን «ሜት» የሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላት ይታያሉ። ከዚያ እጥፋቱ ይመጣል። ከእጥፋቱ ወዲያ ቀጥ ብሎ የተጎተተ መስመር ብቻ ነው፤ ሐኪሞች ሲቸኩሉ የቃሉን ጭራ እንዲያ ይጎትቱታል። ቀጥሎ 500 ሚሊ ግራም። በአፍ። ቢ.አይ.ዲ፣ ማለትም በቀን ሁለት ጊዜ። ከዚያ የፎቶው ጠርዝ።

አሁን ጨዋታው እዚህ ላይ ነው። በ«ሜት» የሚጀምሩና ጤና ጣቢያ ሁሉ የሚታዘዙ ሁለት መድኃኒቶች አሉ። አንዱ ሜትፎርሚን ነው፤ የስኳር መድኃኒት። ሌላው ሜትሮኒዳዞል ነው፤ ለአሜባ፣ ለጃርዲያ፣ ለማኅፀን አካባቢ ኢንፌክሽን የሚሰጥ። ሁለቱም በ500 ሚሊ ግራም ይታዘዛሉ። ሜትፎርሚን በቀን ሁለት ጊዜ መውሰድ የተለመደ ነው። ሜትሮኒዳዞልም ለአንዳንድ የሴቶች ኢንፌክሽን በቀን ሁለት ጊዜ ለሰባት ቀን ይሰጣል። ስለዚህ መጠኑም አልለየልኝም፣ የአወሳሰዱ ቁጥርም አልለየልኝም።

ሊለዩልኝ የሚችሉት ሦስት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው ከ«ቲ» ቀጥሎ ያለው ፊደል ነው። ሜትፎርሚን ከሆነ «ኤፍ» ነው፤ ቁመቱ ከሌሎቹ በላይ ይወጣል። ሜትሮኒዳዞል ከሆነ «አር» ነው፤ አጭር ነው። እጥፋቱ ያረፈው በትክክል እዚያ ፊደል ላይ ነው። ሌላው የሚወሰድበት ጊዜ ነው። አንድ ወር ከሆነ ስኳር፣ ሰባት ቀን ከሆነ ኢንፌክሽን ብሎ ማሰብ ይቻላል። እሱ ከፎቶው ውጭ ነው። ሦስተኛው የበሽታው ስም ነው። እሱ ደግሞ አውራ ጣት ሥር ነው።

የቃሉ ርዝመትስ? እሱንም ሞከርኩ። ሜትፎርሚን በላቲን ዘጠኝ ፊደል ነው፣ ሜትሮኒዳዞል አሥራ ሦስት። ሐኪሙ ግን የቃሉን መጨረሻ በመስመር ስለጎተተው ርዝመቱ ምንም አይናገርም። አምሎዲፒን የሚለውን ሲጽፍም እንዲሁ ጎትቶታል። የአንድን ሰው እጅ ጽሑፍ ስታነቡ መጀመሪያ የምታዩት እዚያው ወረቀት ላይ ሌላውን ቃል እንዴት እንደጻፈ ነው። እዚህ ግን አልረዳኝም።

ልቤ ወደ ሜትፎርሚን ያደላ ነበር፤ አልዋሽም። የ54 ዓመት ሴት፣ ጎን ለጎን የግፊት መድኃኒት። ግፊትና ስኳር ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉ። ግን ይህ ከፊደሉ የመጣ ንባብ አይደለም። በሕክምና ወሬ የተገነባ ግምት ነው፤ እኔ ደግሞ ሐኪምም ፋርማሲስትም አይደለሁም። ግፊት ያለባት ሴት አሜባ አይይዛትም ያለው ማነው? ዝንባሌዬ ከፊደል ቅርጽ ቢመጣ ኖሮ «ወደዚህ ያደላል» ብዬ እጽፍ ነበር። ከእድሜና ከበሽታ ስሌት ሲመጣ ግን አፌን እይዛለሁ።

ልጅቷን ደወልኩላት። «ሌላ ፎቶ ይኖር ይሆን?» አልኳት። «የለም ጋሼ፣ ወረቀቱ መድኃኒት ቤት ቀርቷል» አለችኝ። እኔም የሚከተለውን ጽፌ ማኅተም መታሁበት።

«ተራ ቁጥር 2። የመድኃኒቱ ስም፦ ሜት[...]። ከሦስተኛው ፊደል በኋላ ያለው በወረቀቱ እጥፋት ምክንያት አይታይም። ሜትፎርሚን ወይም ሜትሮኒዳዞል ሊሆን ይችላል፤ ከፎቶው መለየት አልተቻለም። መጠን፦ 500 ሚሊ ግራም። አወሳሰድ፦ በአፍ፣ በቀን ሁለት ጊዜ። የሚወሰድበት ጊዜ፦ ከፎቶው ውጭ ነው። የበሽታው ስም፦ በጣት ተሸፍኗል።»

በሁለተኛው ቀን ወረቀቱ ተመልሶ መጣ። ጥግ ላይ በእስክርቢቶ «ያልተሟላ ትርጉም፤ ተስተካክሎ ይቅረብ» ተብሎበታል።

እንዴት ነው የማስተካክለው? የሌለ ፊደል ከየት ላምጣ? ይህንኑ ብዬ ሳልጨርስ ልጅቷ ቸኩላ ሌላ ቦታ ወሰደችው። አልፈርድባትም፤ የሚቆይ ገንዘብ አይደለም። እዚያ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጥርት ያለ ትርጉም ሠሩላት። «ሜትሮኒዳዞል 500 ሚሊ ግራም፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለሰባት ቀን።» ሰባት ቀን የሚለውን ከየት አመጡት ብትሉ መልሱ ቀላል ነው። ሜትሮኒዳዞል ካሉ በኋላ ሰባት ቀን ራሱ ይመጣል። አንዱ ግምት ሁለተኛውን ይወልዳል። ሁለተኛው ደግሞ ለመጀመሪያው ምስክር ይሆናል። ወረቀቱን የሚያየው ሰው «አዎ፣ ሜትሮኒዳዞል ለሰባት ቀን ነው፣ ይገጥማል» ይላል። መግጠሙስ ይገጥማል፤ ራሳቸው ናቸው ያገጣጠሙት።

መሥሪያ ቤቱ ያንን ያለ ምንም ጥያቄ ተቀበለ።

ነገሩ በፋይል ቢቀር ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ልጅቷ ግን ደግ ልጅ ናት። እናቴ ማዘዣዋ የለም፣ ይህ በአማርኛ ነው፣ ለጎረቤትም ለማንም ይነበባል ብላ ኮፒውን ላከችላቸው። የአንድ ወሩ ክኒን ሲያልቅ እናትየው ያቺን ማኅተም ያላትን ወረቀት ይዘው ከተማው ውስጥ ካለ ሌላ መድኃኒት ቤት ሄዱ። ባንኮኒው ላይ ያለው ልጅ ወረቀቱን አይቶ ሳጥኑን ለማውረድ እጁን ዘረጋ። ከዚያ እንዲያው ለወጉ ያህል «እማማ፣ ለምንድን ነው የታዘዘልዎት?» አላቸው።

«ለስኳሬ ነዋ ልጄ።»

እጁን መለሰ። ያቺ አንዲት ጥያቄ ናት ያዳነችን። በዚያ ቀን ወረፋ ቢኖር፣ ወይም ልጁ ቢቸኩል፣ የስኳር በሽተኛዋ ሴት የስኳር መድኃኒታቸውን አቋርጠው ለሰባት ቀን የኢንፌክሽን መድኃኒት ይወስዱ ነበር። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ስሕተቱ ድምፅ የለውም። በመጀመሪያው ቀን የሚወድቅ ሰው የለም። አፍ ይመራል፣ ትንሽ ያቅለሸልሻል፤ «መድኃኒቱ ከብዶኝ ነው» ይባላል። ስኳሩ ቀስ እያለ ይወጣል። ማንም አንድ ወረቀት ላይ ስለተሞላ አንድ ቃል አያስብም።

ልጅቷ ደንግጣ ደወለችልኝ። ጤና ጣቢያው ጋ ደውለን የእናትየውን የካርድ ቁጥር ነገርናቸው። ካርዱ ወጥቶ ታየ። ሜትፎርሚን 500፣ በቀን ሁለት ጊዜ ከምግብ ጋር፣ ለአንድ ወር። ስልኩ ስድስት ደቂቃ ያህል ነው የወሰደው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ።

ክፉ ጽሑፍ በራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። ዶሮ የጫረችው የመሰለ ማዘዣ የሚያይ ፋርማሲስት ዓይኑን ያጠብባል፣ ወደ ብርሃን ይወስደዋል፣ የሥራ ባልደረባውን «እስቲ ይቺን እያት» ይላል። የወረቀቱ መበላሸት ራሱ «ተጠንቀቅ» ይለዋል። እኔ ያንን በኮምፒውተር ጽፌ፣ በጥሩ ፊደል አትሜ፣ ማኅተም ስመታበት ማስጠንቀቂያውን አጠፋሁት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚያነበው ሰው ዓይኑን የሚያጠብበት ምክንያት የለውም። ጥርት ያለ ፊደል ጥርት ያለ እውቀት ይመስላል። ስለዚህ ጽሑፉ ላይ የነበረውን ብዥታ በቃል መልሼ ማስገባት አለብኝ። ያቺ ቅንፍ የስንፍና ምልክት አይደለችም። እጥፋቱን ተርጉሜ ያስቀመጥኩበት ቦታ ናት።

የሙያ ሰዎች ራሳቸው በዚህ እንደሚሳሳቱ አንድ የታወቀ ክስ ልንገራችሁ። እንግሊዝ አገር ነው። አንድ የአስም ሕመምተኛ ደረቱ ታምሞ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ ከአስም መድኃኒቶቹ ጋር አሞክሲል አዘዘለት፤ የአሞክሳሲሊን የንግድ ስም ነው። ፋርማሲስቱ ጽሑፉን ዳኦኒል ብሎ አነበበው። ዳኦኒል ግሊቤንክላማይድ ነው፤ የስኳር ክኒን። ሰውየው ስኳር የለበትም። በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ወርዶ አንጎሉ የማይድን ጉዳት ደረሰበት። ጉዳዩ በ1989 እ.ኤ.አ. ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደርሶ የኃላፊነቱ 75 በመቶ ፋርማሲስቱ ላይ፣ 25 በመቶ ሐኪሙ ላይ መውደቁ ጸና።

እኔን የሚገርመኝ ክፍፍሉ ነው። አጥፍቶ የጻፈው ሐኪሙ፣ አብዛኛውን የተሸከመው አንባቢው። ለምን? ወረቀቱ ላይ ሌሎች ምልክቶች ነበሩና። የተጻፈው መጠን 250 ሚሊ ግራም ነው፤ ዳኦኒል ደግሞ በጥቂት ሚሊ ግራም የሚሰጥ መድኃኒት ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ይላል፤ ያም የዳኦኒል አወሳሰድ አይደለም። ሰውየው ከፍሎ ነው የገዛው፤ እዚያ አገር የስኳር ሕመምተኛ ለማዘዣ አይከፍልም። እነዚህ ሁሉ «ቆም በል» እያሉ ነበር። ፋርማሲስቱ አልቆመም። የኔ ማዘዣ ላይ እንኳ የሚያቆም ምልክት አልነበረም፤ መጠኑም አወሳሰዱም ለሁለቱም ይገጥማል። ፋርማሲስቱ ምልክት እያለው ከተሳሳተ፣ እኔ ምልክት ሳይኖረኝ «በእርግጠኝነት ይህ ነው» ብል ምን ልባል ነው?

ለሙያ አጋሮቼ ደግሞ አንድ ነገር አለኝ። «አይነበብም» የምንለው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ሳይታይ የቀረ አለ፤ እጥፋት፣ ጥላ፣ ጣት። የዚህ መድኃኒቱ ሌላ ፎቶ ነው። እያየነው ሁለት መሆን የሚችል አለ፤ ይሄን ደህና ፎቶም አይፈታውም፣ የጻፈው ሰው ወይም ካርዱ ነው የሚፈታው። ደግሞም ፊደሉ ጥርት ብሎ ተነቦ ትርጉሙ ሁለት የሆነ አለ። ለምሳሌ ኦ.ዲ የሚለውን ምህጻር ውሰዱ። እኛ አገር በቀን አንድ ጊዜ ማለት ነው። የዓይን ሐኪም ወረቀት ላይ ግን ቀኝ ዓይን ማለት ነው። ለዓይን ጠብታ የተጻፈ ኦ.ዲ ስታገኙ «በቀን አንድ ጊዜ» ብላችሁ ካለፋችሁ ሰውየው በሁለቱም ዓይኑ ሊጨምር ይችላል። በሦስቱም ቦታ ላይ ዝም ብለን «ግልጽ አይደለም» ብለን ከጻፍን የሚያነበው ሰው ማንን እንደሚጠይቅ አያውቅም። ለምን እንዳልተነበበ ስንጽፍ ግን መንገዱን አብረን ሰጠነው።

የሚሠራልኝን ልንገራችሁ። መጀመሪያ አልተረጉምም፤ እገለብጣለሁ። ያየሁትን ፊደል ብቻ፣ ያላየሁትን በነጥብ። ቃሉን አንዴ አወቅኩት ካልኩ በኋላ ዓይኔ የሌለ ፊደል ያያል፤ ይህ በራሴ ላይ ደጋግሜ ያየሁት ነው። ከዚያ ለአጠገቤ ልጅ የኔን ሳላሳያት ፎቶውን እሰጣታለሁ። የሷና የኔ ከተለያዩ ያ ቦታ ቅንፍ ውስጥ ይገባል፤ ክርክር የለም።

ከግርጌ «በጽሑፉ አለመነበብ ለሚደርስ ስሕተት ቢሮው ኃላፊነት አይወስድም» የምትል መስመር የምታትሙ አላችሁ። እኔም ድሮ ነበረችኝ። አውጥቻታለሁ። ያቺ መስመር ሰነዱን ሁሉ እኩል ትጠራጠራለች፤ ስለዚህ ማንም አያነባትም። አምሎዲፒን የሚለው ቃል ምንም ጥርጥር የለውም፤ እሱን ከ«ሜት» ጋር አንድ ላይ መጠርጠር ሁለቱንም መበደል ነው። ጥርጣሬው የተጠረጠረው ቃል ላይ ነው መቀመጥ ያለበት። በየመስመሩ «ምናልባት» የሚሉም አሉ። ያም ያው ነው። ሁሉም ምናልባት ከሆነ እውነተኛውን ምናልባት ማን ያየዋል?

ቁጥር ላይ ነገሩ ይብሳል። የኢንሱሊን ማዘዣ ላይ ከቁጥሩ ቀጥሎ ዩኒት ለማለት አንዲት የላቲን «ዩ» ብቻ ጣል የሚያደርጉ አሉ። የዚያች ፊደል አፍ ከላይ ትንሽ ከተዘጋ ዜሮ ናት። 10 ዩኒት 100 ሆነ ማለት ነው፤ በኢንሱሊን ይህ ሰው ይገድላል። አሜሪካ ለሆስፒታሎች እውቅና የሚሰጠው ጆይንት ኮሚሽን በ2004 እ.ኤ.አ. በእጅ ሲጻፉ ክልክል ናቸው ካላቸው ምህጻሮች አንዷ ይህች ናት። ከቁጥር በኋላ ነጥብና ዜሮ ማስከተልንም ከልክሏል፤ ነጥቧ ካልታየች 1.0 የሚለው 10 ይሆናልና። ስለዚህ ፎቶ ላይ 100 የሚመስል የኢንሱሊን ቁጥር ሲመጣ 100 ብላችሁ አትለፉ። «100፣ ወይም 10 ዩኒት» ብላችሁ ጻፉና ጠይቁ።

ቀኑም አለ፤ እሱ የኛው የራሳችን ጣጣ ነው። ወረቀት ላይ 3/5/17 ተብሎ ተጽፏል እንበል። ሐኪሙ በኛ አቆጣጠር ከጻፈው ጥር 3 ቀን 2017 ነው፤ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 11 ቀን 2025። በፈረንጆቹ ከጻፈው ግን ሜይ 3 ቀን 2017 ነው። በመካከሉ ወደ ስምንት ዓመት አለ። ወረቀቱ ውጭ አገር ላለ ሆስፒታል የሚሄድ ከሆነ፣ የትናንት ሕመም የድሮ ታሪክ ይሆናል ማለት ነው። ቀኑን እንዳለ አስፍሩ፣ ቀጥሎ በየትኛው አቆጣጠር እንዳነበባችሁትና ለምን እንደሆነ በአንድ መስመር ጨምሩ።

ፎቶ የምትልኩልን ሆይ፣ ከእናንተ የምፈልገው ብዙ አይደለም። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አንጥፉት እንጂ በእጃችሁ አትያዙት። መስኮት አጠገብ፣ ጥላችሁ ሳያርፍበት፣ ከላይ ቀጥ ብላችሁ አንሡት። አራቱም ጠርዝ ይግባ። እጥፋት ካለ ያንን ቦታ ብቻ ቀረብ ብላችሁ ሌላ አንሡ። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቅና ቀጫጭኑ የእስክርቢቶ መስመር ይደበዝዛል። ደግሞ እባካችሁ መድኃኒት ቤት ከመስጠታችሁ በፊት አንሡት፤ ከዚያ በኋላ ወረቀቱ የእናንተ አይደለም። የጤና ጣቢያውን ስልክና የካርድ ቁጥሩንም ጨምሩበት። ከፎቶው ጥራት ሁሉ እሱ ይበልጣል።

ወደ እናንተ ወደ መሥሪያ ቤቶቹ ልመለስ። ይገባኛል፤ እናንተም በላያችሁ ኦዲት አለ። ክፍት ቦታ ያለበት ወረቀት ስታዩ ነገ የሚጠይቃችሁ ሰው ይታያችኋል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ምክንያቱ የተጻፈበት ክፍት ቦታ ተጣርቶ ሊሞላ ይችላል። በግምት የተሞላውን ግን ማንም አያጣራውም፤ የሚጣራ ነገር እንዳለበት አይታወቅምና። «ያልተሟላ» ብላችሁ ስትመልሱት ተርጓሚውን አብልጦ እንዲያነብ አላደረጋችሁትም። ደፋሩ እንዲያሸንፍ ነው ያደረጋችሁት። ልጅቷ ሁለት ወረቀት ነበራት፤ አንዱ እውነቱን ይናገራል፣ አንዱ ያማረ ነው። የመረጣችሁት ያማረውን ነው።

የምጠይቃችሁ ይህን ብቻ ነው። «አይነበብም» የሚል ቦታ ምክንያቱ ተጽፎበት ከመጣ ሰነዱን ተቀበሉና፣ ያንን መስመር ብቻ ለይታችሁ ከጤና ተቋሙ ማረጋገጫ ጠይቁ። ሌላውን መስመር አትያዙበት። የአምሎዲፒኑ ወጪ በ«ሜት» ምክንያት የሚቆይበት ምንም ምክንያት የለም።

ስለዚያ ማዘዣ ለመጨረስ፦ ካርዱ ከታየ በኋላ አዲስ ትርጉም አወጣሁ። ሁለተኛው መስመር አሁን እንዲህ ይላል። «ሜትፎርሚን 500 ሚሊ ግራም፣ በአፍ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለአንድ ወር። [የመድኃኒቱ ስምና የሚወሰድበት ጊዜ በፎቶው ላይ አይነበብም፤ ያዘዘው ጤና ጣቢያ የሕመምተኛዋን ካርድ አይቶ በስልክ ያረጋገጠው ነው።]» ካወቅኩ በኋላም ቢሆን ፎቶው ላይ ያላየሁትን እንዳየሁ አድርጌ አልጽፍም። ነገ ያ ስልክ ላይ የነበረው ሰው ተሳስቶ ቢገኝ፣ ስሕተቱ የት እንደገባ ይታወቃልና።

ባለፈው ሐሙስ ይሄም ተመልሷል። «ቅንፉ ወጥቶ ይቅረብ» ይላል።

ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ማኅተሙም ተመቶበታል። ቅንፉን አላወጣሁትም፤ እንዳለ የሚቀበለኝ ሲገኝ ደውሉልኝ፣ ራሴ አመጣዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ተርጓሚ፣ አዲስ አበባ